«ሰ» ናት ወይስ «ለ»? የደበዘዘ ፎቶ ላይ ያለ ጽሑፍ ስናነብ

(ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ለበጎ ፈቃደኛ የሰነድ ተርጓሚዎች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። ዛሬ ይዤ የመጣሁት አንድ ፎቶ ብቻ ነው። ግድግዳው ላይ የምታዩት እሱ ነው። አዎ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው የቡና ሲኒ ከጽሑፉ በላይ ጎልቶ ይታያል። ጥግ ላይ ያለችው ደግሞ የፎቶ አንሺው አውራ ጣት ናት።

ፎቶው የመጣልኝ በቴሌግራም ነው። ላኪዋ እዚሁ አካባቢ የምትኖር ሴት ናት። ወረቀቱ የአባቷ የቆየ የሥራ ምስክር ወረቀት ሲሆን አገር ቤት አጎቷ እጅ ይገኛል። አጎት በስልክ አንስተው ላኩላት፣ እሷም ለእኔ አስተላለፈች። ለአባቷ የኢሚግሬሽን ጉዳይ የሚቀርብ ነው። ስሙን ቀይሬዋለሁ። ያስቸገረኝን ፊደል ግን አልነካሁትም።

የምታዩት ወረቀት የታተመ ቅጽ ነው፤ ክፍት ቦታዎቹ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተሞልተዋል። የምትነበበው መስመር እንዲህ ትላለች፦ «ይህ የምስክር ወረቀት ለአቶ ታደ…»። ከዚያ አንድ ፊደል ይቀራል። «ታደሰ» ወይስ «ታደለ»? ሁለቱም የታወቁ ስሞች ናቸው። ልዩነታቸው ከአናት ላይ የምትቆም አንዲት አጭር ጭረት ናት።

እስቲ ያቺ ጭረት ፎቶው ላይ ምን ያህል ቦታ እንዳላት እንቁጠር። ቴሌግራም በተለመደው አላላክ የፎቶውን ረጅም ጎን ወደ 1280 ፒክስል ያወርደዋል። አጎትየው ደግሞ ሲኒውንም ጠረጴዛውንም አብረው ስላነሱ ወረቀቱ የያዘው የፎቶውን ግማሽ ብቻ ነው። 640 ፒክስል ማለት ነው። ወረቀቱ ኤ4 ነው እንበል፣ ቁመቱ 29.7 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ስናካፍለው ለአንድ ሚሊ ሜትር 2 ፒክስል ገደማ ይደርሰዋል። በእጅ የተጻፈ ፊደል 4 ሚሊ ሜትር ቁመት ቢኖረው 8 ፒክስል ሆነ። የ«ሰ» አናት ላይ ያለችው ጭረት 1 ሚሊ ሜትር ብትሆን 2 ፒክስል ናት። የእስክሪብቶው መስመር ውፍረት ደግሞ 1 ፒክስል።

እዚህ ላይ ጄፔግ የሚባለው ነገር ይጨመራል። ጄፔግ ፎቶን የሚጨምቀው 8 በ8 ፒክስል በሆኑ ትንንሽ ካሬዎች ከፋፍሎ ነው። የእኛ ፊደል ሙሉ በሙሉ አንዱ ካሬ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ብዙ ሲጨመቅ እንደ አንዲት ነጠላ ጭረት ያለ ረቂቅ ነገር ቀድሞ ይጠፋል። በምትኩ በፊደሉ ዙሪያ ቀደም ሲል ያልነበረ ግራጫ ጤዛ ይመጣል። ያንን ጤዛ ቀለም አድርጎ ያነበበ ብዙ ነው። እኔም አንብቤዋለሁ።

ስለዚህ መጀመሪያ የማደርገው ሳላስውብ ማስፋት ነው። ስልካችሁ ላይ በሁለት ጣት ስታሰፉ ስልኩ ራሱ ያለሰልሰዋል፤ ፒክስሎቹን እያቀላቀለ ሌላ ቅርፅ ይሰጣችኋል። እኔ ማየት የምፈልገው እያንዳንዷን ፒክስል ካሬ ሆና ነው። ኮምፒውተር ላለው ኢሜጅማጂክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይህች ትእዛዝ ትበቃለች፦

```
magick wereqet.jpg -crop 160x40+410+220 +repage -filter point -resize 800% qirb.png
```

160 በ40 የሆነችውን ቁራጭ ቆርጦ ስምንት እጥፍ ያደርጋታል። `-filter point` የሚለው ነው ዋናው፤ «ካለህ ላይ አትጨምር» እንደማለት ነው። ውጤቱ ያስጠላል። ግን እውነተኛው ዕቃችሁ እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ካሻችሁ አለስልሱት፣ ብርሃኑን ጨምሩ፣ ቀንሱ። የተለሰለሰው ላይ ያያችሁት ነገር ካሬዎቹ ላይ ከሌለ ግን አላያችሁትም።

ፎቶ ለምን እንደደበዘዘ ማወቅም ይጠቅማል። ለዚህ የእኛ ጽሑፍ የታደለ ነው፣ አራት ነጥብ አለን። አራቱን ነጥቦች «።» ፈልጉና አስፍታችሁ እዩ። ነጥቦቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ተጎትተው ጭረት ከሆኑ ሲነሳ እጅ ተንቀሳቅሷል። ክብ ሆነው ካበጡና እርስ በርስ ከተዋሃዱ ካሜራው ትኩረቱን ስቷል። ካሬ ካሬ ሆነው ከተሰበሩ ችግሩ የፒክስል ማነስ ነው። ይህ ለጉራ አይደለም። እጅ ወደ ላይና ወደ ታች ተንቀሳቅሶ ከሆነ የቆሙ እግሮች ይተርፋሉ፣ አግድም የሆኑ ጭረቶች ይሟሟሉ። «ቡ»ን ከ«ቢ» የሚለየው ደግሞ አግድሟ ጭረት ወገብ ላይ መሆኗ ወይም እግር ላይ መሆኗ ነው። ትኩረቱ ከሳተ የምትሞተው የኃምሷ ቀለበት ናት። የ«ቤ» ቀለበት ቀዳዳዋ ይደፈንና «ቢ» ትመስላለች።

የእኛ ፎቶ ላይ አራት ነጥቦቹ ካሬ ካሬ ናቸው፤ ወደ ዳር ስንሄድ ደግሞ ትንሽ ያብጣሉ። ማለትም መሃሉ ከዳሩ ይሻላል። ስሙ ያለው ወደ ዳሩ ነው። ሁሌም እንደዚያ ነው መቼስ።

አሁን ወደ ፊደሏ እንመለስ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። «አናቷ ላይ ጭረት አይታየኝም፣ ስለዚህ ለ ናት» ይላል። ቆይ! ይህ ፎቶ ጭረት ቢኖር ኖሮ ያሳይ ነበር? መጀመሪያ መመለስ ያለበት ጥያቄ ይሄ ነው። አለመታየት አንድ ነገር ነው፣ አለመኖር ሌላ።

የሚመለሰውም ከራሱ ከፎቶው ነው። ጭረት እንዳለው እርግጠኛ የሆናችሁበትን ፊደል ፈልጉ። የወረቀቱ መጨረሻ ላይ «ተሰጠ» የሚል አለ፤ ግን እሱ የፎቶው መሃል ላይ ነው፣ ጥርት ያለው ቦታ ላይ። ለዳሩ ምስክር አይሆንም። ደግነቱ እዚያው መስመር ላይ፣ ከስሙ ሦስት ቃል ቀደም ብሎ «የምስክር» የሚል አለ። እዚያ ውስጥ «ስ» አለች፤ ከአናቷ ጭረት ያላት ናት። አስፍቼ ሳያት ሁለት ጥቁር ግራጫ ፒክስሎች አናቷ ላይ ተቀምጠዋል። ስለዚህ ፎቶው እዚህ አካባቢ ጭረት ማሳየት ይችላል። በሌላ በኩል «ለአቶ» የሚለው «ለ» አለ። አናቱ ባዶ ነው፣ ንጹሕ የወረቀት ቀለም። ልብ በሉ፣ «የምስክር» እና «ለአቶ» የታተሙ ናቸው፣ ስሙ ግን በእጅ ነው። የእስክሪብቶ መስመር ይቀጥናል። ስለዚህ ምስክሮቼ ጥሩ ናቸው እንጂ ፍጹም አይደሉም።

የእኛዋ ፊደልስ? አናቷ ላይ አንድ ነገር አለ። ግን ከ«ስ» ጭረት በግማሽ የፈዘዘ ነው። ደግሞ ልክ በዚያች ቦታ የማኅተሙ ጠርዝ ያልፋል። ማኅተሙ ወይን ጠጅ ነው። ያ ግራጫ ነገር የእስክሪብቶ ጭረት ይሁን የማኅተም ጠርዝ አይለይም።

«ቀለሞቹን መለየት አይቻልም?» ትሉኝ ይሆናል። አንዳንዴ ይቻላል። ዲጂታል ፎቶ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ተብሎ ሦስት ንብርብር አለው። ቀይ ማኅተም ጥቁር ጽሑፍ ላይ ካረፈ ቀዩን ንብርብር ብቻውን ስታዩ ማኅተሙ ከወረቀቱ ጋር ይመሳሰልና ጽሑፉ ብቻ ይቀራል። የሚያስደስት ነገር ነው። እዚህ ግን እስክሪብቶው ሰማያዊ፣ ማኅተሙ ወይን ጠጅ ነው። በቀዩ ንብርብር ሁለቱም ይጠቁራሉ፣ በሰማያዊው ሁለቱም ይነጣሉ። በዚያ ላይ ጄፔግ አብዛኛውን ጊዜ የቀለም መረጃን ከብርሃን መረጃ በባሰ ሁኔታ ነው የሚቀንሰው። 1 ፒክስል ስፋት ያለው ጭረት የራሱን ቀለም ይዞ አይተርፍም፣ የጎረቤቱን ይዋሳል። ስለዚህ ይህ መንገድ እዚህ ዝግ ነው።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ፎቶውን ከማየቴ በፊት ሴትዮዋ በስልክ «የአባቴ ስም ታደለ ነው» ብላኝ ነበር። ያንን ከሰማሁ በኋላ ዓይኔ «ለ» ማየት ነበር የሚፈልገው። ያ ግራጫ ነገር ወዲያውኑ «የማኅተም ጠርዝ ነው» ሆነብኝ። ከዚያ ወዲህ ሰው ስሙን ሊነግረኝ ሲል «ቆይ፣ ላንብበው መጀመሪያ» እላለሁ። አንዳንዱ ይቀየመኛል። ሌላም ዘዴ አለኝ። ለባልደረባዬ ፊደሏን ብቻ ቆርጬ እልክለታለሁ። የቀረውን ቃል አላሳየውም፣ የእኔንም ግምት አልነግረውም። እሱ ያለኝን ከእኔ ጋር አስተያያለሁ። የዚያን ቀን «ሰ ትመስላለች፣ ግን አልምልም» አለኝ።

ታዲያ እንዴት እንጻፈው? በ1931 እ.ኤ.አ. ሌይደን ላይ የተስማሙ የጥንት ጽሑፍ አንባቢዎች አንድ ደንብ አላቸው። የተጠራጠሩት ፊደል ሥር ነጥብ ያደርጋሉ፣ ጠፍቶ የሞሉትን በማዕዘን ቅንፍ ያስገባሉ። ቅንፉን ወስጄዋለሁ። ነጥቧን ግን ትቻታለሁ፤ የእኛ ፊደል ሥር ስትገባ ብዙ ስልክ ላይ ቦታዋን ትስታለች፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ጭራሽ የፊደሉ አካል ትመስላለች። ጥርጣሬን ለማሳየት ያስገባናት ነጥብ ሌላ ጥርጣሬ ስትፈጥር ምን ይባላል?

እኔ የምጠቀመው ሦስት ምልክት ብቻ ነው። ወደ አንዱ የማደላ ከሆነ `[ሰ?]`። ሁለቱ እኩል ከሆኑብኝ `[ሰ/ለ]`። ፊደል እንዳለ ብቻ አይቼ ምን እንደሆነ ካላወቅሁ `[.]`፣ ለአንድ ፊደል አንድ ነጥብ። በመቶኛ አልጽፍም። «70 በመቶ ሰ ናት» የሚል ሰው 70ን ከየት እንዳመጣው ንገረኝ ብትሉት የለውም።

ለአማርኛ አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። የእኛ ፊደል ሁለት ነገር በአንድ ተሸክሟል። መልኩ አለ፣ እግሩና ክንዱ አለ። ጥርጣሬያችሁ የትኛው ላይ እንደሆነ ለዩ። «ታደ[ሰ/ለ]» ሲሆን የተጠራጠርኩት ፊደሉን ራሱን ነው። «አበ[በ/ባ]» ሲሆን ግን ፊደሏ «በ» መሆኗን አውቃለሁ፤ ያላየሁት የግራ እግሯ ማጠሯን ነው። ይህም ትንሽ ነገር አይደለም፣ አበበ ወንድ ነው፣ አበባ ሴት ናት። ለሚያነበው ሰው «ግዕዝ ወይም ራብዕ» ብላችሁ በአንድ መስመር ንገሩት። የድሮ የቤተ ክርስቲያን ወረቀት ከገጠማችሁ ደግሞ የግዕዝ ቁጥሮቹን ተጠንቀቁ። ፮ እና ፯ በደበዘዘ ፎቶ ላይ አንድ ናቸው ማለት ይቻላል።

ቁጥር ካነሳሁ ቀኑን ላሳያችሁ። የምወደው ክፍል ይሄ ነው። «ረቡዕ ጥር 14 ቀን 196…» ይላል። የመጨረሻዋ አሃዝ የወረቀቱ እጥፋት ላይ ወድቃለች። የሚታየው ከላይ አጭር ነገር፣ ከዚያ ወደ ታች የሚወርድ መስመር ነው። 1፣ 2፣ 7 ሁሉም ይቻላሉ።

እዚህ ከአሃዟ ውጪ የሆነ ምስክር አለን፣ እሱም «ረቡዕ» ነው። ይህ ቃል ደብዝዟል፣ ግን ከ«ሐሙስ» ጋር አይምታታም። «ሐ» ሰፊ ናት፣ ሦስት እግር አላት፤ «ረ» ቀጭን ናት። በ8 ፒክስልም ይለያሉ። አሁን እንቁጠር። ከመስከረም 1 እስከ ጥር 14 ድረስ 133 ቀን አለ። 133 ለ7 ሲካፈል ልክ 19 ነው፣ ምንም አይተርፍም። ስለዚህ ጥር 14 ሁልጊዜ የዚያ ዓመት እንቁጣጣሽ በዋለበት ቀን ይውላል። መነሻ የሚሆነን ቀን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፦ ንጉሡ ከዙፋን የወረዱበት መስከረም 2 ቀን 1967 ሐሙስ ነበር። እንግዲህ የዚያ ዓመት መስከረም 1 ረቡዕ ነው። ወደ ኋላ ስንሄድ የ1962 እንቁጣጣሽ ሐሙስ ላይ ይወድቃል። 2 ከጨዋታ ወጣች።

ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ 1961ን ቆጠርኩ። ረቡዕ! ቀን በየዓመቱ አንድ ይገፋል፣ በስድስት ዓመት ስድስት። መሃል ላይ 1963 ጳጉሜ 6 ስለነበረች ሰባተኛውን ጨመረች። ሳምንቱ ሞላና ቀኑ እዚያው ተመለሰ። ለመለየት በጣም የምፈልጋቸው ሁለቱ፣ 1 እና 7፣ ሁለቱም ረቡዕ ናቸው።

የቅጹ ራስጌ «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት» ይላል። ስለዚህ 1961 ነው ልበል? ያጓጓል። ግን መሥሪያ ቤት መንግሥት ስለተለወጠ ብቻ የቅጽ ክምችቱን በማግስቱ አያቃጥልም። ጥር 1967 ማለት ለውጡ ከሆነ ገና አራት ወሩ ነው። ስለዚህ ራስጌው ወደ 1961 ያዘነብላል እንጂ አይወስንም። ደግሞም ይህ ማስረጃ ከአሃዟ የመጣ አይደለም። ጽሑፉ ውስጥ `196[1/2/7]` ብዬ አስገባሁ። ራስጌውንና ረቡዕን ከሥር በማስታወሻ ለየብቻ አስቀመጥኩ። ዓይን ያየው ቅንፍ ውስጥ፣ ጭንቅላት ያሰበው ማስታወሻ ውስጥ። ሁለቱን ማቀላቀል አልወድም፤ የሚያነበው ሰው የትኛውን ማመን እንዳለበት ራሱ ይምረጥ።

አንዱ ወጣት ቅድም ከውጭ ቆመን ስናወራ «ፎቶውን የሚያጠራ አፕ አለ» ብሎኝ ነበር። ይኑር። በ2013 እ.ኤ.አ. ዴቪድ ክሪዝል የተባለ ጀርመናዊ የኮምፒውተር ባለሙያ የሕንፃ ፕላን በዜሮክስ ማሽን ስካን አደረገ። ሦስት ክፍሎች ነበሩ፤ ስፋታቸው 14.13፣ 21.11 እና 17.42 ካሬ ሜትር። ከማሽኑ ሲወጣ ሦስቱም 14.13 ሆኑ። ማሽኑ ቦታ ለመቆጠብ የሚመሳሰሉ ትንንሽ ምስሎችን አንድ ጊዜ ብቻ አስቀምጦ በሌላው ቦታ ሁሉ ይለጥፍ ነበር። የወጣው ቁጥር አልደበዘዘም። ጥርት ያለ፣ የሚያምር፣ ስህተት የሆነ ቁጥር ነው። የደበዘዘ ፎቶ ቢያንስ መደብዘዙን አይደብቅም።

ሴትዮዋን ደወልኩላት። አጎቷ ወረቀቱን እንደገና እንዲያነሱ ጠየቅኳት። መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ፣ ብርሃኑ ከጎን እንዲመጣ፣ ስሙና ቀኑ ያሉበትን መስመር ብቻ አስጠግተው፣ ደግሞም ሲልኩ ፋይል አድርገው። የጎን ብርሃን እስክሪብቶ ወረቀቱን የተጫነበትን ቦይ ያሳያል፣ ማኅተም ግን ቦይ አይቆፍርም። ከሦስት ቀን በኋላ መጣ። የአንድ ፊደል ቁመት ከ100 ፒክስል በላይ ሆኗል። አናቷ ላይ ያለችው ጭረት ቦይ አላት፣ የማኅተሙ ጠርዝ በላይዋ ያልፋል። «ሰ» ናት። ወረቀቱ የሚለው ታደሰ ነው።

የአባትየው ስም ደግሞ ታደለ ነው፣ ሌሎቹ ወረቀቶቻቸው ሁሉ እንደዚያ ይላሉ። ያኔ ቅጹን የሞላው ጸሐፊ ተሳስቷል ማለት ነው። እዚህ አገር ኢሚግሬሽን የሚቀበለው ሙሉ ትርጉም ነው፣ ተርጓሚው የተሟላና ትክክል ነው ብሎ የፈረመበት። እኔ በመጀመሪያው ፎቶ ተማምኜ «ታደለ» ብዬ ፈርሜ ቢሆን፣ ዋናው ወረቀት ሲቀርብ የማይመሳሰል ነገር ይገኝ ነበር። አሁን «ታደሰ» ብዬ ተረጎምኩ። እሷም ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያስረዳ ሌላ ማስረጃ ለመፈለግ ጊዜ አገኘች።

አሃዟ ግን አልተፈታችም። እጥፋቱ ላይ ወረቀቱ ራሱ ተልጦ ወድቋል። አዲሱ ፎቶ ያሳየኝ ቀለም እንደሌለ ነው። ስለዚህ ማስታወሻውን ቀየርኩት። መጀመሪያ «በፎቶው ጥራት ምክንያት አልተለየም» ይል ነበር። አሁን «ወረቀቱ እዚህ ቦታ ላይ ተልጧል፤ የቀረው መስመር ከ1ም ከ2ም ከ7ም ጋር ይስማማል፤ ረቡዕ ስለሚል 2 አይሆንም» ይላል። ልዩነቱ ለአንባቢው ይጠቅማል። የመጀመሪያው «ሌላ ፎቶ አምጡ» ማለት ነው። ሁለተኛው «ሌላ ፎቶ አትድከሙ» ማለት ነው።

ከጥያቄዎቹ አንዱን ልጨምር። አንዲት እህት «ሁሉም ነገር ቅንፍ ከሆነብኝስ?» አለች። የእኔ ልማድ እንዲህ ነው፦ ስም፣ ቀን ወይም የገንዘብ መጠን ውስጥ ከግማሽ በላይ ፊደሉ ወይም አሃዙ ቅንፍ ከገባ አልተረጉምም፣ እመልሰዋለሁ። ስመልስ «አይነበብም» ብቻ አልልም። የትኛዋ መስመር፣ ከየት እስከ የት እንደሆነ ፎቶው ላይ በቀይ አክብቤ እልካለሁ። አጎትየው ስለ ፒክስል ማወቅ የለባቸውም። «እዚህ ቀይ ያደረግኩትን ብቻ፣ ፎቶውን ሞልቶ እንዲታይ አድርገው ያንሱልኝ፣ ሲኒውን ከጠረጴዛው ላይ ያንሱት» ይበቃል።